ገንዘብ ከመቁጠር በፊት

ያገለገለ ስልክ የሚደብቃቸው ችግሮች ብዙ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የደከመ ባትሪ ይቀየራል። የተበላሸ ስክሪንም ዋጋው ቢያስደነግጥም ይቀየራል። በሌላ ሰው አካውንት የተቆለፈ ስልክ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው በቀር የገዢው አይሆንም። ያን ያህል ብር ወጥቶበት፣ ተፈታቶ ለመለዋወጫ ከመሸጥ ያለፈ ዋጋ አይኖረውም።

አብዛኛው ገዢ የሚመረምረው ግን በተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጀርባውን አገላብጦ ጭረት ይፈልጋል፣ ካሜራውን ይሞክራል፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። አካውንቱ ትዝ የሚለው ቤቱ ገብቶ የራሱን ኢሜይል ሊያስገባ ሲል ነው። ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ የቴሌግራም አካውንቱም ጠፍቷል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ግዢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። ስልኩ አይፎን 12 ነው እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የመጣ፣ በቴሌግራም ቻናል ላይ «በጣም ንጹህ» ተብሎ የተለጠፈ። ገዢዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሻጩ መገናኛ አካባቢ ካፌ ውስጥ ሊያገኛት ተስማምቷል።

ከቤት ሳትወጣ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። «ወንድሜ፣ የስልኩን አይኤምኢአይ ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ።» አይኤምኢአይ ማለት እያንዳንዱ ስልክ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ባለ 15 አሃዝ መለያ ነው፤ ለስልክ፣ ለመኪና የሻንሲ ቁጥር እንደሚሆነው ማለት ነው። መደወያው ላይ *#06# ሲጻፍ፣ የመደወያ ቁልፉን መንካት እንኳ ሳያስፈልግ ቁጥሩ ብቅ ይላል። ሁለት መስመር የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር አለው፤ አይፎን 12ም አንዱን ለሲም ካርዱ፣ ሌላውን ለኢሲም ስለሚጠቀምበት ሁለት ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ በሚገኝ የአይኤምኢአይ መፈለጊያ ሲገባ «iPhone 12» የሚል መልስ መምጣት አለበት። ሌላ ሞዴል ወይም ጭራሽ ሌላ ብራንድ ከመጣ፣ ወይ ስልኩ ኮፒ ነው ወይ ቦርዱ ተቀይሯል፤ በሁለቱም ቢሆን የታክሲ ሂሳብ አውጥቶ መሄድ አያስፈልግም። ስልኩ የመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ ደግሞ ሌላም መጠየቂያ አለ። የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያዎች ማኅበር stolenphonechecker.org በሚል አድራሻ በነጻ የሚያስጠይቅ ገጽ አለው፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ስልኩ እዚያ አገር ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ መመዝገብ አለመመዝገቡን ይናገራል።

ይህ ምርመራ እስከ ምን እንደሚያደርስ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የተሰረቁ ስልኮች መዝገብ የሚያዘው በየአገሩና በየኩባንያው ነው። እዚያ የታገደ ስልክ እዚህ ኔትወርክ ላይ ያለችግር ሊደውል ይችላል፤ ያው ስልክ ነገ ተመልሶ ዋሽንግተን ላለች እህት ቢላክ ግን እዚያ አይሠራም። ከዚህም በላይ፣ ብዙ የአሜሪካ ስልኮች የሚሸጡት በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ነው። ዛሬ ንጹህ ሆኖ የሚታይ ስልክ የመጀመሪያው ገዢ ክፍያውን ሲያቆም ከወራት በኋላ ሊታገድ ይችላል። «ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ክሊን ነው» የሚለው የሻጩ ቃል ውሸት ባይሆን እንኳ የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው።

አሁን ካፌ ውስጥ ናቸው። ገዢዋ ይዛ የመጣችው የራሷን ሲም ካርድ፣ የሲም መክፈቻ ፒን፣ ቻርጀር እና ዳታ ያለው የራሷን ስልክ ነው። ዳታው ዋናው ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ራሷ *#06# ጻፈች እንጂ ሻጩ የላከውን ፎቶ አላመነችም። ከዚያ «Settings» ውስጥ «General» ከዚያም «About» ገብታ ያንኑ ቁጥር አየች። ቀጥላ የሲም ትሪውን በፒን አወጣች፤ አይፎን 12 ላይ ቁጥሩ በትሪው ላይ በጥቃቅን ተጽፏል። ሦስቱ አንድ መሆን አለባቸው። የትሪው ብቻ ከተለየ ትሪው ተቀይሮ ይሆናል፤ ያ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ግን ስልኩ ተከፍቶ እንደሚያውቅ ይጠቁማል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከተለየ ግን ካርቶኑ የዚህ ስልክ አይደለም፤ ባዶ ካርቶን ለብቻው ስለሚሸጥ «ከነካርቶኑ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ትሪው ወጥቶ ሳለ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ስልክ፣ ከሲም ካርዱ ጋር ተደርቦ በሚገባ እንደ ወረቀት በሳሳ ቺፕ እየተታለለ ይሠራል። ከሲም ካርዱ ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ስልኩ የኔትወርክ ቁልፍ አለበት ማለት ነው፤ አንድ ቀን አፕዴት ሲደረግ «ሲም አይቀበልም» ብሎ ሊቆም ይችላል። ንጹህ የሆነው ስልክ «About» ገጽ ላይ «Carrier Lock» ከሚለው ጎን «No SIM restrictions» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ገዢዋ ያንን አየች፣ የራሷን ሲም አስገባች፣ ደወለች፣ ተደወለላት። ስልኩ አይፎን 14 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ የአሜሪካ ሞዴል ቢሆን ኖሮ ጭራሽ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ሲም ካርድ የት እንደሚገባ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

«About» ገጽ ላይ እያለች ከፍ ብሎ ያለውን «Model Number» አየችው። የመጀመሪያው ፊደል M ከሆነ ስልኩ ሲሸጥ አዲስ ነበር፤ F ከሆነ አፕል ራሱ አድሶ የሸጠው፣ N ከሆነ ለተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። F ወይም N መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ «ከሱቅ አዲስ ገዝቼው ነው» ከሚል ሻጭ ታሪክ ጋር ግን አይገጥምም። በዚያው ገጽ ዝቅ ሲባል «Parts and Service History» የሚል ክፍል ከታየ የሆነ ዕቃ ተቀይሯል ማለት ነው። አይፎን 12 ባትሪ፣ ስክሪንና ካሜራ ሲቀየሩ እዚህ ይመዘግባል፤ የተገባው ዕቃ የአፕል ከሆነ «Genuine Apple Part»፣ ካልሆነ ወይም በትክክል ካልተገጠመ «Unknown Part» ይላል። ይህ ክፍል የሚታየው የስልኩ ሶፍትዌር አይኦኤስ 15.2 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ አሮጌ ሶፍትዌር ላይ የቀረ ስልክ ይህ ክፍል የለውም ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም።

ባትሪውን በተመለከተ ሻጩ «87 ፐርሰንት» ብሎ ለጥፎ ነበር። «Settings» ውስጥ «Battery» ከዚያ የባትሪ ጤና የሚለው ገጽ ላይ «Maximum Capacity» ተብሎ የሚታየው ቁጥር ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ስንቱን እጅ አሁንም እንደሚይዝ ይናገራል። አፕል እንደሚለው የአይፎን 14 እና ከዚያ በፊት ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አካባቢ እንዲይዙ ነው የተሠሩት። ከ80 በታች ሲወርድ ስልኩ ራሱ ባትሪው መቀየር እንዳለበት ማሳሰብ ይጀምራል። በ2020 የወጣ ስልክ 80 ወይም 83 ቢል ጤነኛ እርጅና ነው። መጠራጠር ያለብን በ98 እና በ100 ነው። ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ በ«Parts and Service History» ውስጥ መታየት ነበረበት፤ ካልታየ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የሚጽፍ መሣሪያ በጥገና ቤቶች እንዳለ ይታወቅ። ያ መሣሪያ የሚቀይረው የሚታየውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የባትሪውን አቅም አይጨምርም።

ስለዚህ ቁጥሩን በሥራ መፈተን ይሻላል። ገዢዋ የስክሪኑን ብርሃን ሙሉ አድርጋ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋው አወራች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስታየው ቻርጁ ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነበር የወረደው። ጤነኛ ባትሪ እንዲህ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ነው የሚወርደው። ከ46 ወደ 38፣ ከዚያ ወደ 29 የሚዘል ከሆነ፣ ወይም 20 ሳይደርስ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጽሑፉ ምንም ቢል ባትሪው አልቆበታል። ሳምሰንግ ላይ «Samsung Members» በሚለው አፕ ውስጥ ያለው ምርመራ የባትሪውን ሁኔታ ይናገራል፤ በአብዛኛው ሌሎች አንድሮይዶች ላይ ግን ከዚህ ከአሥር ደቂቃው ፈተና የተሻለ ነገር ካፌ ውስጥ አይገኝም። ባትሪውን የሚለኩ አፖች ለቀናት ሲሠሩ ካልሆነ በቀር እውነተኛ ቁጥር አይሰጡም።

አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም። ስልኩን በጀርባው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ ካሜራው ከሚያነሳው በላይ መሃሉ ላይ ተቆልምሞ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ተነስቶ ክፍተት ከታየ፣ ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ስልክ ቻርጅ ላይ መሰካትም፣ ስክሪኑን ተጭኖ ለመመለስ መሞከርም አይገባም።

ስክሪኑን ለማየት ሁለት ፎቶ ይበቃል፤ አንድ ሙሉ ነጭ፣ አንድ ሙሉ ጥቁር። ገዢዋ አስቀድማ ቴሌግራም ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ነጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቢጫ የሆነ ጠርዝ፣ ወይም የኪቦርድ ጥላ የመሰለ ዘላቂ ምስል ይፈለጋል፤ ይህ የመጨረሻው ኦሌድ ስክሪን አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ ሲያሳይ የሚተርፈው ጠባሳ ነው፣ አይጠፋም። ጥቁሩን ለማየት ከጥላው ገባ ብላ በእጇ ከለለችው። አይፎን 12 ኦሌድ ስለሆነ ጥቁሩ ድፍን ጨለማ መሆን አለበት። እንደ ጭስ የሚያበራ ግራጫ ከሆነ የተገጠመው ርካሽ ኮፒ ስክሪን ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ከላይ በቀኝ ጠርዝ ጎትታ የብርሃን ማስተካከያውን ስትይዘው «True Tone» የሚል ቁልፍ መታየት አለበት፤ ከሌለ ስክሪኑ ተቀይሯል። መኖሩ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ጠጋኞች መረጃውን ከአሮጌው ስክሪን ወደ አዲሱ ይገለብጡታልና።

ሳምሰንግ የሚገዛ ሰው መደወያው ላይ *#0*# ቢጽፍ የፋብሪካ ፈተና ይከፈትለታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ስክሪኑን ያሳየዋል፣ «Touch» የሚለው ደግሞ ጣቱ የነካውን ሳጥን ሁሉ ቀለም እየቀባ ያልነካውን ይተውለታል። ሳምሰንግ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰመረ አረንጓዴ መስመር ካለ «አፕዴት ሲደረግ ይጠፋል» የሚለውን ማመን አይገባም፤ ስክሪኑ ካልተቀየረ አይጠፋም። ሻጩ ኮፒ ስክሪን ገጥሞ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚሠራው የጣት አሻራ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። አይፎን ላይ የንክኪ ፈተናው ቀላል ነው፦ አንዱን አፕ ተጭኖ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ ስክሪኑን እንደ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያደረጉ ማረስ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚለቀው ከሆነ እዚያ ላይ ስክሪኑ ሞቷል።

ይህ ሁሉ አልፏል። ዋጋውም ተስማምተዋል። ገንዘቡ ግን አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ፈተና ገና አልተደረገም።

አፕል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአይፎን ላይ የማግበሪያ ቁልፍ አድርጓል። ባለቤቱ «Find My» የሚባለውን ካበራ፣ ስልኩ በኮምፒውተር ፍላሽ ቢደረግ እንኳ እንደገና ሲነሣ የመጀመሪያውን ባለቤት የአፕል አካውንትና ፓስወርድ ይጠይቃል። ቁልፉ የተቀመጠው ስልኩ ላይ ሳይሆን አፕል ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ማንም ጠጋኝ ከስልኩ ውስጥ ሊያወጣው አይችልም። «እከፍተዋለሁ» የሚሉት የሚያደርጉት ማጭበርበር ነው፦ ስልኩ የሚሠራ መስሎ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሲም አይቀበልም ወይም አካውንት አያስገባም፤ አንዴ ሪሴት ሲደረግ ደግሞ ወደ ቁልፉ ይመለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስልክ የሚሸጥ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ገዢው ፊት ሪሴት ማድረግ።

«ወንድሜ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። አሁን ሪሴት አድርገህ አስነሣልኝ።»

«ችግር የለውም እህቴ፣ ቤት ስትገቢ ታደርጊዋለሽ።»

«አይ፣ እዚሁ እናድርገው፤ ኢንተርኔት እኔ ከስልኬ አጋራሃለሁ።»

ዳታው ያስፈለገው ለዚህ ነበር። የተደመሰሰ አይፎን አፕል ጋር ሳይገናኝ ስለማይነሣ፣ ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ላይ ተደምስሶ «Hello» ብሎ የቆመ ስልክ ምንም አልተመሰከረለትም። ብዙ ሰው የሚታለለው «Hello» የሚለውን አይቶ ነው። ያ ጽሑፍ የሚያሳየው ስልኩ ባዶ መሆኑን እንጂ ነጻ መሆኑን አይደለም።

ሻጩ እሺ አለ። «General» ውስጥ «Transfer or Reset iPhone» ከዚያ «Erase All Content and Settings» ነካ፤ የስልኩን መክፈቻና የአፕል ፓስወርዱን ራሱ አስገባ። ፓስወርዱን ካላስታወሰ ስልኩ የእርሱ አይደለም ወይም ለሽያጭ አልተዘጋጀም፤ ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ዛሬ አይገዛም። እዚህ ላይ ግን ሐቀኛ ሻጭን ማሳዘን እንዳይመጣ ልብ የሚባል ነገር አለ። አይኦኤስ 17.3 እና ከዚያ በላይ ባለው ስልክ ላይ የሌባ መከላከያው በርቶ ከሆነ፣ ስልኩ ከለመደው ቦታ ውጭ ሲሆን ከአካውንቱ ለመውጣት አንድ ሰዓት ያስጠብቃል። «አንድ ሰዓት ጠብቂ ይለኛል» የሚል ሻጭ ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ቡና አዝዞ መጠበቅ ወይም ቤቱ ከአካውንቱ ወጥቶ እንዲመጣ ቀጠሮ መስጠት ነው።

ስልኩ ተነሣ፣ «Hello» አለ። ቋንቋ መረጡ፣ የገዢዋን ዋይፋይ አስገቡ፣ ጥቂት ቆየ። በዚህ ደቂቃ ሦስት ነገር ሊመጣ ይችላል። «iPhone Locked to Owner» ካለ ስልኩ የሌላ ሰው ነው። «Remote Management» ካለ የድርጅት ንብረት ነው፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ያልመለሰው ሊሆን ይችላል፣ ድርጅቱም ከሩቅ ሊዘጋው ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ሳይመጡ ወደ መክፈቻ ቁጥር ማዘጋጀት ከተሻገረ ነጻ ነው። ገዢዋ የራሷን የአፕል አካውንት አስገብታ እስከ ዋናው ገጽ ድረስ አደረሰችው፤ ሲሟም እንደገና ኔትወርክ ያዘ።

ስልኩ አንድሮይድ ቢሆን ሐሳቡ ያው ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የጉግል አካውንት ሳይወጣ ከውጭ የተደመሰሰ ስልክ ሲነሣ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። ሻጩ የጉግሉን ብቻ ሳይሆን የሳምሰንግ ወይም የሻዎሚ አካውንቱንም ካስወጣ በኋላ ከ«Settings» ውስጥ ይደምስሰው፤ ከዚያ በኢንተርኔት እስከ ዋናው ገጽ ይነሣ። በተለይ በዱቤ የተሸጡ አንድሮይዶች ላይ ክፍያ ሲቋረጥ ስልኩን የሚቆልፍ ሶፍትዌር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሪሴት ከተደረገ በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ገጽ ላይ ከደረሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ከኢንተርኔት ጋር ትቶ ማየት አይከፋም።

አሁን ብሩ ይቆጠር። ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የሽያጭ ውል ይጻፋል፦ የስልኩ ሞዴል፣ ሁለቱም የአይኤምኢአይ ቁጥሮች፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ የመታወቂያው ፎቶ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ፖሊስ አንድ ቀን ይህን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ስልኩን ከማን፣ መቼና በስንት እንደገዛች የሚያሳይ ማስረጃ በእጇ ይኖራል። ዱቤው ሳይከፈል ቀርቶ ስልኩ ከወራት በኋላ ቢታገድም የምትጠይቀው ሰው ይታወቃል። መታወቂያውን ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመ፣ ምርመራው ሁሉ ቢያልፍም፣ ስልኩን መልሶ ሰጥቶ መሄድ ይሻላል።